ተዘፍዝፎ ወይስ በበረዶ? የቀዝቃዛ ቡና ነገር

ቡናን አቀዝቅዞ መጠጣት በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኙ ልዩ ልዩ ካፌዎች የዋጋ ዝርዝር ላይ «አይስ ኮፊ» እና «ኮልድ ብሩ» የሚሉ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈው ታገኛላችሁ። ሁለቱም በብርጭቆ ቀዝቅዘው ይቀርባሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። በመሆኑም አብዛኛው ሰው ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ ይመስለዋል። በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ላይ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዷ «ቀዝቃዛ ስለሆነ ኃይል የለውም» ስትል፣ ሌላዋ «ጨጓራ አይነካም ይላሉ» አለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባልደረባችን ደግሞ ሐኪም ቡና እንድትቀንስ ስለነገራት፣ ትኩሱን ትታ ቀዝቃዛውን በየቀኑ በትልቅ ብርጭቆ እንደምትጠጣ አጫወተችን። እኔም ነገሩን ከመጻሕፍት ካገላበጥኩ በኋላ በገዛ ወጥ ቤቴ ሁለቱንም ከአንድ ቡና አዘጋጅቼ ለማመዛዘን ወሰንኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ ስማቸውን እንለይ። አይስ ኮፊ የሚባለው እንደወትሮው በፈላ ውሃ ተፈልቶ፣ ከዚያ በኋላ በበረዶ የሚቀዘቅዝ ቡና ነው። ኮልድ ብሩ ግን ከነጭራሹ እሳት አያይም። የተወቀጠው ቡና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ ያድርና ይጠለላል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «ባለ በረዶ»፣ ሁለተኛውን «ዝፍዝፍ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። እንግዲህ ልዩነቱ የሚጀምረው ውሃው ቡናውን በሚያገኝበት ጊዜ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ በመሆኑ ነው። ትኩስ ውሃ የቡናውን ጣዕም፣ ሽታና ካፌይን በደቂቃዎች ውስጥ ይስባል። ቀዝቃዛው ውሃ ያንኑ ለመሥራት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱንም ነገር፣ በተለይም ምሬቱንና የሽታውን ከፊል፣ ቡናው ውስጥ ትቶት ይወጣል። ዝፍዝፍ ቡና ለስላሳና ለጥ ያለ ጣዕም የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዝፍዝፉን እንዴት እንደሠራሁት

ለሙከራው የወሰድኩት በመካከለኛ አቆላል የተቆላ፣ ያልጠቆረ የይርጋ ጨፌ ቡና ነው። ከዚያ ውስጥ 100 ግራም መዘንኩ። ሚዛን የሌላችሁ እንደሆነ፣ አንድ የ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 100 ግራም ገደማ ይሆናል። ቡናው ለጀበና እንደሚወቀጠው መድቀቅ የለበትም። በሙቀጫ ሽርክት አድርጋችሁ ብቻ ተዉት፤ ከቅንጬ ደቀቅ ያለ፣ ከበርበሬ ዱቄት ግን ሻከር ያለ ይሁን። በወፍጮ የደቀቀ ቡና ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ዱቄቱ ጨርቁን ይደፍነዋል፣ መጠጡም ይደፈርሳል፣ ጣዕሙም ይመራል። በሙቀጫ ስትወቅጡ ዱቄት መውጣቱ አይቀርምና፣ በወንፊት ነፋ አድርጋችሁ ደቃቁን ለጀበናችሁ አስቀሩት። 100 ግራሙን የምትመዝኑት ከተነፋ በኋላ ነው።

ሽርክቱን በሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጌ 800 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት። ቡናው መጀመሪያ ከላይ ይንሳፈፋልና፣ ሁሉም እስኪርስ ድረስ በማንኪያ ማማሰል ያስፈልጋል። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ ማታ በ2 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ብዙ ሰው «ረዘም ባለ ቁጥር ይበረታል» ብሎ ያስባል፤ አንዳንዱም ሁለት ቀን ሙሉ ያሳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ አገር ሁለት የኬሚስትሪ ባለሙያ ሴቶች ይህንኑ መርምረው ነበር። ባደረጉት ጥናት፣ ውጭ በተቀመጠ ዝፍዝፍ ውስጥ ያለው ካፌይን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ጣዕሙን ለማዳበር ካልሆነ በስተቀር ለኃይሉ ብዙም አይፈይድም። ፍሪጅ ውስጥ ሲሆን ቅዝቃዜው ሥራውን ያዘገየዋልና፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መስጠት ተገቢ ነው። እኔ ከአንድ ዓይነት ቡና ሦስት ዕቃ አዘጋጅቼ አንዱን በ6፣ አንዱን በ14፣ አንዱን በ30 ሰዓት አውጥቼ ቀመስኩ። የ6 ሰዓቱ ሳሳ ያለና ውሃ ውሃ የሚል ነበር። የ14 ሰዓቱ ወፍራምና ጣፈጥ ያለ ሆኖ አገኘሁት። የ30 ሰዓቱ ግን እንጨት እንጨት የሚል ጣዕም አምጥቶ፣ ምላስን የሚይዝ ምሬት ነበረው። የእናንተም ዝፍዝፍ እንዲህ ያለ የእንጨት ጣዕም ካመጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱን አሳጥሩ እንጂ ቡናውን አትቀንሱ።

ለማጥለል መጀመሪያ ወንፊት፣ ቀጥሎ ታጥቦና ተቀቅሎ የደረቀ ነጭ የሻሽ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁን አትጭመቁ። ጭማቂው ደቃቁን ዱቄት ይዞ ስለሚወርድ የጠራውን ያደፈርሰዋል። ከ800 ሚሊ ሊትሩ ውሃ 600 ገደማ ይወጣል፤ የቀረውን አተላው ይይዘዋል። በጀበና ቶናና በረካ የለመድን ሰዎች አተላው ላይ እንደገና ውሃ ጨምረን ለማሳደር ይከጅለናል። ይህ ግን አያዋጣም፤ ካፌይኑና ጣዕሙ አብዛኛው በመጀመሪያው ወጥቷል፣ የራሰ አተላ ደግሞ ሲውል ሲያድር ለመበላሸት ቅርብ ነው።

ባለ በረዶውስ?

ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ጀበናችሁ ይበቃል። ከዚያው ቡና 30 ግራም፣ ማለትም ልክክ ያለ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ እንደልማዱ አድቅቄ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ አፈላሁ። አተላው እስኪወርድ 5 ደቂቃ ያህል አሳረፍኩት። የሚወጣው ጠራ ያለ ቡና 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ለሁለት ሰው ይዳረሳል። በረዶውን መጀመሪያ በብረት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ማድረግና ቡናውን እዚያ ላይ ማውረድ ይሻላል፤ ትኩስ ቡና በረዶ ባለበት ብርጭቆ ላይ በቀጥታ ሲወርድ ብርጭቆውን ይሰነጥቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ለአንድ ሰው 120 ሚሊ ሊትር ትኩስ ቡና 100 ግራም በረዶ፣ ማለትም አራት አምስት ያህል መካከለኛ ኩብ፣ አዘጋጁ። ያ በረዶ በሙሉ ይቀልጣል። ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ የቡናውን ሙቀት ወስዶ ራሱ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ብርጭቆው ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚገኘው 120 ሳይሆን 220 ሚሊ ሊትር ነው። ቡናው ሲፈላ ከወትሮው ወፈር ብሎ መነሣት ያለበትም የቀለጠው በረዶ እንደሚያቀጥነው ታስቦ ነው። ባለ በረዶ ቡና ከአቦሉ እንጂ ከቶናው አይሠራም። ከበረካ የተሠራማ ቀለም ያለው ውሃ ብቻ ነው። በካፌ የቀረበላችሁ ባለ በረዶ ጣዕም የለሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ለትኩስ መጠጫ የተፈላ ተራ ቡና በበረዶ ላይ ተገልብጦ ነው የሚቀርበው።

በጣዕም ረገድ ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀምስ ልዩነታቸው ጎልቶ ታየኝ። የይርጋ ጨፌው የአበባ ሽታና የሎሚ ዓይነት ቃና ባለ በረዶው ላይ ሙሉ በሙሉ ነበር፤ በዝፍዝፉ ላይ ግን ደብዝዞ፣ በምትኩ የቸኮሌት ዓይነት ለስላሳ ጣዕም መጥቷል። ስለዚህ የቡናውን ሽታ የምትወዱ ባለ በረዶውን፣ ምሬትና ኮምጠጥ ማለቱን የማትወዱ ዝፍዝፉን ምረጡ። ጊዜም አንድ ነገር ነው። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ባለ በረዶው በሩብ ሰዓት ይደርሳል፤ ዝፍዝፉ ግን ከዋዜማው መታሰብ አለበት።

ስለ ጨጓራ የሚወራውም መልስ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚያው ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተገኙ ቡናዎችን በትኩስና በቀዝቃዛ ውሃ እያዘጋጁ መርምረው ነበር። የአሲዳቸው ብርታት በሚለካበት የፒኤች መለኪያ ትኩሱም ቀዝቃዛውም ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱም ወደ 5 ይጠጋሉ። ከጠቅላላ የአሲድ መጠን አንፃር ትኩሱ ከፍ ይላል። እንግዲህ ዝፍዝፍ በአፍ ላይ ለስለስ ይላል ማለት ይቻላል፤ የጨጓራ ሕመምተኛ ግን «ይህኛው አሲድ የለውም» ተብላ በባዶ ሆዷ ብትጠጣው እንደሌላው ቡና ሊያቃጥላት ይችላል።

ኃይሉ የት ነው ያለው?

ወደ ነፍሰ ጡሯ ባልደረባችን ጉዳይ እንምጣ። የቡና ኃይል የሚባለው በአብዛኛው ካፌይኑ ነው። እንደ እኛ አገሩ የአረቢካ ቡና ከሆነ፣ ከአንድ ግራም ቡና ወደ ውሃው የሚገባው ካፌይን በግምት 10 ሚሊ ግራም ይሆናል ብለን እናስላ።

ዝፍዝፉን ስንሠራ 100 ግራም ቡና በ800 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርገናል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለ ማለት ነው። ከዚያ ላይ አንድ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሞልተን ምንም ሳንጨምር ብንጠጣ፣ 250 ሚሊ ግራም ካፌይን ወስደናል። ባለ በረዶውን ደግሞ እንይ። 30 ግራሙ ቡና በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ 300 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው የደረሰው 120 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። በብርጭቆ ሲታዩ እኩል የሚመስሉት ሁለቱ መጠጦች አንዱ የሌላውን እጥፍ ይዞ ተገኘ። ዝፍዝፉን ግን ግማሽ በግማሽ በውሃ ብናቀጥነው፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ቡና ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ብናደርገው፣ 125 ሚሊ ግራም ይሆናል። ያኔ ከባለ በረዶው ጋር ይመጣጠናል። ኃይሉን የሚወስነው ቅዝቃዜው ወይም ሙቀቱ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ስንት ግራም ቡና እንደገባ ነው የሚወስነው።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን እስከ 200 ሚሊ ግራም ቢወስዱ አያሠጋም። ያልተቀጠነ አንድ ብርጭቆ ዝፍዝፍ የነፍሰ ጡሯን የቀን ድርሻ ያልፋል ማለት ነው። ባልደረባችን ይህን ስሌት ካየች በኋላ የምትጠጣበትን ካፌ አስተናጋጅ «ይህ ቀጥኖ ነው የሚቀርበው ወይስ እንዳለ?» ብላ ጠየቀች። እንዳለ መሆኑን ነገሯት። አሁን ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዚያውም የብርጭቆውን ሩብ ቡና አስደርጋ፣ በላዩ ውሃና በረዶ ታስሞላበታለች። ቀኑን ሙሉም ሌላ ቡና አትጨምርበትም። እናንተም ካፌ ስትገቡ ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አትፈሩ።

በፍሪጅ ውስጥ

ጀበና ላይ የተጣደ ውሃ ይፈላል፤ በውስጡ ጀርም ቢኖር ይሞታል። ዝፍዝፍ ቡና ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሳት አያይም። ስለዚህ ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ በሚሉ ቦታዎች፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉት ማለት ነው፣ ውሃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። በረዶውም እንደዚሁ ከፈላ ውሃ ይሠራ፤ ቅዝቃዜ ጀርምን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ዕቃው፣ ክዳኑና ጨርቁ በፈላ ውሃ ይታጠቡ።

የተጠለለው ቡና ወዲያውኑ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጁም ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልበለጠ ቅዝቃዜ ይኑረው። ያልተቀጠነው ዝፍዝፍ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ እስከ 5 ቀን ጥሩ ጣዕም ይዞ ይቆያል፤ በውሃ የቀጠነው በ2 ቀን፣ ወተት የገባበት በዕለቱ መጠጣት አለበት። ባለ በረዶውን ማቆየት አይመከርም፤ ሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ በማግሥቱም ኮምጠጥ ይላል። ቡና የአካባቢውን ሽታ ይስባልና ክዳኑ ከላላ በሁለተኛው ቀን የሽንኩርትና የወጥ ሽታ ታገኙበታላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ሳትከፍቱ ብታቆዩት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየና ዕቃው ሲነካ ለብ ካለ፣ ቡናውን ድፉት። የኮመጠጠ ሽታ፣ ከላይ የሚታይ ቆዳ መሰል ነገር፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማ የጋዝ ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ የመበላሸት ምልክቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ማሽተት ብቻውን አያስተማምንም። የዝፍዝፍ ቡና አሲድ ደካማ ስለሆነ፣ አየር በማያገባ ዕቃ ታሽጎ ውጭ ከተቀመጠ ቦቱሊነም የሚባለው አደገኛ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ይህ መርዝ በሽታም በመልክም ላይታወቅ ይችላል። በዚሁ ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በቆርቆሮ ያሸገውን የዝፍዝፍ ቡና ከገበያ ሰብስቧል። በጠርሙስ ሞልቶ፣ አሽጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቦታው ፍሪጅ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነገር የልጆች ጉዳይ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ዝፍዝፉን በባዶ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሞልተው ፍሪጅ በር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስድስት ዓመት የሆነው ልጃቸው ከጨዋታ ተጠምቶ ሲገባ፣ ኮካ መስሎት ስኳር ጨምሮ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልቡ በኃይል መምታት ጀመረ፣ አስመለሰው፣ እጁም ተንቀጠቀጠ። ወደ ጤና ጣቢያ ወስደውት ለሰዓታት ሲጠብቁት ቆይተው ደህና ሆኖ ተመለሰ፤ ሌሊቱን ግን ዓይኑን አልከደነም። ለሕፃናት የሚመከረው ካፌይን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም አይበልጥም። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህም ባልተቀጠነው ዝፍዝፋችን 50 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። የልጁ ግማሽ ብርጭቆ የዚያ እጥፍ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ የለስላሳ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ዕቃ ምረጡ፤ ፍሪጁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ወረቀት ለጥፋችሁም ሦስት ነገር ጻፉበት፤ «ቡና፣ ያልቀጠነ»፣ የተጠለለበት ቀን፣ የሚደፋበት ቀን።